ከፋሲካ በኋላ የሚብሰው ማሳከክ

ውሻው የልጃችን ነበር። ሌላ ስቴት ኮሌጅ ስትገባ ዶርም ውስጥ ውሻ አይፈቀድም ተባለና እኛ ጋ ቀረ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማችን። ቡናማ፣ ጠጉሩ አጭር፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ዘሩ ምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ውሻ ነው። ባለቤቴ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሺፍቱ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ ውሻው ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚውለው ከባለቤቴ እናት ጋር ነበር።

እማማ ከአዲስ አበባ የመጡ ቀን ውሻው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ሲያገኙት ነጠላቸውን ሰብስበው በሩ ላይ ቆሙ። «ይሄ እዚሁ ነው የሚያድረው?» አሉ። አዎ አልናቸው። «ታዲያ የት ነው የምጸልየው?»

 መልሱን ያገኙት እሳቸውና ውሻው ናቸው። ጠዋት እማማ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቆመው ሲጸልዩ ውሻው ደጃፉ ላይ ይተኛል፤ አፍንጫው መድረኩ ድረስ ይደርሳል፣ አያልፍም። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አጣጥፈው «በል ተነስ፣ አንተ ሰነፍ» ይሉታል። ከዚያ ከሕንጻው ጀርባ ወዳለው ሣር ይወርዳሉ። ሐኪም ለስኳራቸውም ለጉልበታቸውም በእግር ይሂዱ ሲላቸው አልሰማም ያሉት ሴትዮ ለውሻው ሲሉ በቀን ሁለቴ ይወርዱ ጀመር። እንግሊዝኛ አያውቁም። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ናቸው፣ ግን ሊፍት ውስጥ ፈገግ ከማለት አያልፉም። በሥራ ቀን እማማ ከኛ መውጣት እስከ መግባታችን ድረስ የሚያናግሩት ፍጡር ያ ውሻ ብቻ ነበር።

ማሳከኩ የጀመረው ውሻው እኛ ጋ በቀረ በሁለተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ መዳፉን ይልስ ነበር፤ በጣቶቹ መሃል ያለው ጠጉር ከምራቁ የተነሣ ዝገት መሰለ። ቀጥሎ ጆሮው፣ ብብቱ፣ ሆዱ። የሚያክክበት እግሩ ወለሉን እየመታ አንድ ዓይነት የማያቋርጥ ድምፅ ያወጣል፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ ምን እየጠገናችሁ ነው ብሎ ጠይቆናል። ሰፈራችን ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ስቴሮይድ ክኒን ሰጠን። ክኒኑ ላይ እያለ ሸጋ ይሆናል፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ይሸናል። ክኒኑን ስናቆም እንደገና ያክካል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ጸደይ አለፈ።

ሦስተኛው ጸደይ ላይ ባለቤቴ ሰለቸው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንቅልፍ አጥቶ መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ነው።

«ሄርንደን ያለው የሥራ ጓደኛዬ ይወስደዋል» አለ አንድ እሁድ፣ ምሳ ላይ። «ቤት አለው፣ ግቢ አለው፣ ልጆች አሉት። እስከ መስከረም ካልተሻለው እሰጠዋለሁ። እዚህ ታፍኖ ነው። ሜዳ ላይ ሲሮጥ ይለቀዋል።»

እማማ እንጀራቸውን ቆርሰው ሳያጠቅሱ ያዙት። በኋላ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ መጥተው ቆሙና፣ «የሱ ነገር ምግብ ነው። ስጋው ነው። እኔ አይቼዋለሁ» አሉኝ።

ያዩት ነገር እውነት ነበር። ሁዳዴን ስጋም ቅቤም እንቁላልም ቤታችን አይገባም፤ ውሻውም ከገበታ የሚደርሰው ትራፊ አይኖርም። በሁለቱም ዓመት ሁዳዴን ደህና ሆኖ ነው የከረመው። ፋሲካ ሲመጣ አጥንቱ፣ ቅልጥሙ፣ በቅቤ የራሰው እንጀራ ይመጣል፤ ከዚያ ሳምንትም ሳይሞላ መቧጨር። እማማ ይህን በጣት ቆጥረው ሲያስረዱኝ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

እኔ ኮሌጅ የገባሁት ልጄ ሃይስኩል ስትገባ ነው። ከእኔ በዕድሜ ግማሽ ከሆኑ ልጆች ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ቆሜ የተማርኩት አንድ ነገር አልለቀቀኝም፤ ሁለት ነገር አብሮ ሲለወጥ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም። በዚህ አገር ፋሲካ የሚውለው ዛፎቹ በሚያብቡበት ሰሞን ነው። መኪናችን ላይ ቢጫ ዱቄት ይነሰነሳል፣ የመስኮቱ ደፍ በጣት ሲነካ ቢጫ ይሆናል፣ ባለቤቴ ራሱ ያስነጥሳል። ስጋውና የኦክ ዛፍ ብናኝ ቤታችን የሚደርሱት በአንድ ሰሞን ነው። ሌላም ነገር ነበር። የውሻውን የምግብ ከረጢት አዙሬ ከጀርባው አነበብኩት።

«እማማ፣ ይሄ ደረቅ ምግቡ ዶሮ ነው። ሁዳዴን በሙሉ ዶሮ ሲበላ ነው የከረመው።»

«ምን?» ከረጢቱን ከእጄ ተቀበሉ፤ ሥዕሉን አዩ። «በጾሙ? እዚህ ቤት?»

«ውሻ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ!» ብለው ከረጢቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉበት።

ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ አሌክሳንድሪያ ወደምትገኝ የቆዳ ሐኪም ላከን። የእንስሳት የቆዳ ሐኪም የሚባል ነገር መኖሩን ለእማማ ስነግራቸው «እኛ አገር ለሰውም አይገኝ» አሉ፤ ግን ቀጠሮው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናው ጋ ቀድመውኝ ቆሙ። ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ፣ እንደ ልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል። የወንዙን ድልድይ እስክንሻገር ውሻው ከኋላ ወንበር መዳፉን ይልሳል፣ እማማ ከፊት እየዞሩ «ተው፣ ተው በቃ» ይሉታል። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት፤ የፊት መኪናው ፍሬን መብራት ላይ ዓይኔ ተተክሎ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ስቴሮይድ ብቻ ይዤ እመለስ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ወለሉ ላይ ከውሻው ጋር ተቀመጠች። በመጀመሪያ ለቁንጫ በማበጠሪያ አበጠረችው፤ ቀጥላ ቆዳውን በስለት ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጋ የእከክ ተባይ እንዳለ ለማየት ወሰደች፤ ጣቶቹ መሃል ፕላስተር ለጥፋ አንስታ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገችው። ስትመለስ ቁንጫም የእከክ ተባይም አላገኘሁም አለች። መዳፉና ጆሮው ላይ ግን የእርሾ ዓይነት ፈንገስ በዝቷል፤ ያ የሚሸተው እሱ ነው። ፈንገሱ ራሱ ያሳክካል፣ የመጣው ግን ቆዳው ቀድሞ ስለተጎዳ ነው። እሱን ለብቻው እናክማለን፤ ለቁንጫም፣ ባይታይ እንኳ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሰጠዋል። ከዚያ የቀረው ማሳከክ ወይ ከምግብ ነው፣ ወይ ከአካባቢው፤ ከብናኝ፣ ከሣር፣ ከቤት አቧራ ውስጥ ከሚኖሩ ዓይን ከማያያቸው ነፍሳት። ወይ ከሁለቱም።

«በዓይን አይለያዩም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አይለያዩም። መዳፍ፣ ጆሮ፣ ሆድ፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚይዙት። ወቅት እየጠበቀ የሚብስ ከሆነ ወደ አካባቢ ያደላል፤ ምግብ ከሆነ ክረምት ከበጋ አይልም። ግን የሱ ምግብም ወቅት አለው አላችሁኝ።»

ባለቤቴ ከኢንተርኔት ያገኘውን፣ ጠጉርና ምራቅ በፖስታ ተልኮ የምግብ አለርጂን ይለያል የተባለውን ምርመራ አነሣሁላት። ራሷን ነቀነቀች። ለምግብ የሚታመን የደምም የምራቅም ምርመራ የለም፤ ያለው መንገድ አንድ ነው አለች። ስምንት ሳምንት አንድ ምግብ ብቻ፤ ፕሮቲኑ በጣም ተሰባብሮ ሰውነቱ እንዳይለየው ሆኖ የተሠራ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ። ሌላ ምንም ነገር ወደ አፉ አይገባም። በየወሩ የምንሰጠው የልብ ትል መከላከያ እንኳ የበሬ ስጋ ጣዕም ያለው የሚታኘክ ስለሆነ ቆዳ ላይ በሚፈስ ተቀየረ። እስኪረጋጋ ድረስ ለጥቂት ቀን ስቴሮይድ ሰጠችው፤ ግን መጨረሻውን የምናነበው ያለሱ ነው፣ አለበለዚያ የተሻለው በምግቡ ይሁን በክኒኑ አይታወቅም አለች።

ሁሉንም ለእማማ ተረጎምኩ። ሲሰሙ ቆዩና ፊታቸው በራ።

«ጾም ነው በይኛ!»

«ጾም አይደለም፣ እማማ። ይሄ ምግብ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም።»

«እሱማ ገባኝ። ጾም ነው።»

ሐኪሟ ምን አሉ አለችኝ፤ ነገርኳት። ሳቀችና እማማን በዓመት ስንት ቀን እንደሚጾሙ ጠየቀቻቸው። እማማ ሲነግሯት ብዕሯን አስቀመጠች።

ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለባቸውም። በነዚያ ቀናት እማማ ከኔ የባሱ ጠባቂ ሆኑ። ወጥ ሲወጣ ውሻውን መኝታ ቤት አስገብተው በር ይዘጉበታል። ባለቤቴ ሳያስብ የስጋ ቁራጭ ሊሰጠው ሲል እጁን በማንኪያ መቱት። «የአንተ ልጅ ሄርንደን እንዲሄድ ነው የምትፈልገው?» አሉት።

«የኔ ልጅ? ውሻ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ልጅህ ናት ያመጣችው። የልጅ ልጄ ነው ልበል እንግዲህ?»

በመድኃኒት ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ አጠብነው፤ ሽታው ጠፋ፣ ፈንገሱ ለቀቀ። ክኒኑ አለቀ። እከኩ ግን ቀስ እያለ ተመለሰ። ለሁለተኛው ቀጠሮ ድልድዩን ስንሻገር ሰኔ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ያለው ሣር አድጎ ዘር አፍርቷል። ሐኪሟ ፈተሸችው፤ ፈንገስ የለም። ከዚያ ጠየቀች፣ «ከምግቡ ሌላ ምን ቀምሷል?»

«ምንም» አልኩ። ለእማማም ተረጎምኩ፤ እንዲመሰክሩልኝ።

«ምንም! አንድ ቀን አልገደፈም» አሉ በኩራት። «ሃምሳው ቀን አልፎ የሐዋርያት ጾም ከገባ ወዲህማ ከኔው ጋር ነው የሚውለው። ከእንጀራዬ አካፍለዋለሁ፤ ከምስሩ፣ ሽንኩርት የሌለበትን እየመረጥኩ። አንዳንዴ ዳቦ። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ንጹሕ የጾም ነው።»

ይህን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደብኝ። እማማ አልደበቁም፤ ሊደብቁ የሚገባ ነገር አላደረጉም። በሃምሳው ቀን ማዕዳቸው ላይ ስጋ ስላለ በር ይዘጉበት ነበር፤ ጾሙ ሲገባ ማዕዳቸው ነጻ ሆነ፣ በሩም ተከፈተ። ማንም አበሻ ቢሆን የሚረዳው ሥርዓት ነው። የውሻው ሰውነት ግን የጾምና የፍስክ ብሎ አይለይም። ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ ውስጥ ስንዴ አለ፣ ዳቦው ስንዴ ነው። ስንዴም ምስርም አለርጂ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ዓይኗን አሸት አድርጋ «ስምንቱን ሳምንት ከዛሬ እንጀምር» አለች።

ቤልትዌይ ላይ እማማ ወደ ኋላ ወንበር ዞረው ውሻውን ሲያዩት ቆዩ። ኋላ «ስምንቱ ሳምንት ለመስከረም ይደርሳል እንዴ?» አሉ።

«ይደርሳል።»

«ስላበላሁት ነው የሚሄደው?»

«አይሄድም» አልኩ፤ ግን አላውቅም ነበር። ሥራዬ ላይ ስመለስ የምፈርመውን ፈቃድ፣ ገና የሚታጠቡ መዳፎችን፣ ባለቤቴን የምነግረውን እያሰብኩ ስለነበር አለማወቄ ከድምፄ ሳይገባቸው አልቀረም።

ባለቤቴ ሲሰማ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ክንዱን ዓይኑ ላይ አደረገ። «እንደገና ከዜሮ» አለ።  ያ ከመቆጣት ይከብዳል።

ሁለተኛው ዙር ላይ እማማ ምግባቸውን ቆመው ኩሽና ውስጥ ይበሉ ጀመር፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ውሻው ጭናቸው ላይ አገጩን ያሳርፋል፣ ያን ጊዜ እጃቸው አይታዘዛቸውም። እኔ ማታ ከሥራ ስገባ «ዛሬ እንዴት ዋለ?» እላለሁ፤ ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር እንዲሰጡኝ ጠይቄያቸው ነበር። «ቁጥሩን ተይው፣ ደህና ዋለ» ወይም «ኧረ ዛሬስ ቆዳውን አወለቀው» ይሉኛል። ያም ይበቃኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ውሻው ጸጥ አለ። እማማ ሥራ ቦታ ኮል አድርገውልኝ፣ «አላልኩሽም? ጾሙ ያዘለት! ተኝቷል፣ እግሩን እንኳ አልነካም» አሉኝ። ባለቤቴም አምኖ እንደነበር አውቃለሁ፤ በዚያ ሰሞን ሲገባ ውሻውን ዳሰስ ያደርግ ነበር። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጣ፤ ንፋስ ነፈሰ፤ የሕንጻው ሠራተኞች ሣሩን አጨዱ። በማግሥቱ ከእግር ጉዞ ሲመለስ ሆዱ ቀላ፣ በሩ ላይ ሳንደርስ ተቀምጦ ያክክ ጀመር።

ምግቡ አንድ ነበር። በዝናቡም በፀሐዩም ከዚያው ከረጢት፣ በዚያው ስኒ። ይህን ለእማማ ሳስረዳ ሳህናቸውን እያደረቁ አዳመጡኝ። «ታዲያ ምግብ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። ምግብ እንዲሆን ምን ያህል ይፈልጉ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ምግብን ሰው ይተዋል፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁበት ነገር ነው። አየርን ማን ይተዋል?

ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ ሐኪሟ ያንኑ አለች፤ በትክክል ተይዞ ካልተሻለው ምግቡ ዋናው ምክንያት አይደለም። እርግጠኛ ለመሆን የድሮ ምግቡን፣ ስጋውንም ጨምራችሁ፣ ሁለት ሳምንት ያህል መልሱለትና እዩ አለችን። ፍልሰታ ገና አልተፈታም ነበር፤ እማማ በጾም አፋቸው የበሬ ስጋ ቀቀሉለት፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት። አልቀመሱትም፤ በእጃቸው ግን አጎረሱት። ጠበቅን። አልባሰበትም፣ አልተሻለውም። እንደ አየሩ ይዋልላል።

ከዚያ አደንዝዘው ጎኑን ላጭተው በረድፍ በረድፍ ትንንሽ መርፌ ወጉት። ይህ ምርመራ አለርጂ ይኑርበት አይኑርበት ለመለየት ሳይሆን፣ ሰውነቱን የሚያለማምደውን መድኃኒት ከምን ከምን እንደሚቀምሙለት ለመምረጥ ነው አለች። የሣር ብናኙ የተወጋበት ቦታ እንደ ባቄላ አበጠ። ኦክ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚያብበው አረም፣ የቤት አቧራውም በትንሹ አበጡ። ማለማመጃው መሥራቱ የሚታወቀው ከብዙ ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ማሳከኩን የሚቀንስ መርፌ በየወሩ ገደማ ይወጋል፤ ከእግር ጉዞ በተመለሰ ቁጥር መዳፉና ሆዱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አልጋ ልብሱ በፍል ውሃ ይታጠባል። አይድንም፣ ይያዛል።

የዚያን ቀን ማታ ሁላችንም ደክሞን ሳሎን ተቀምጠን ሳለ ለባለቤቴ ነገርኩት። 

«ዕድሜ ልኩን ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ይድናል ብዬ ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሰውዬው ግቢውን አጥሮ ጨርሷል። ቅዳሜ ላምጣው ብዬዋለሁ።»

«ግቢው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምን ማለት ምንድን ነው? ግቢ ነዋ። ሣር።»

ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰማው። 

እማማ ከጥግ ወንበራቸው ሆነው ውሻውን እያዩ ነበር፤ ጎኑ ላይ ያለው የተላጨ ቦታ ላይ ነጠብጣቡ ገና አልጠፋም። «የኔም ስኳር አይድንም» አሉ፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለውሻው የሚያወሩ ይመስል። «መርፌ ነው፣ እግር ማየት ነው፣ ይሄን አትብይ ነው። እኔንስ መቼ ነው ሄርንደን የምትልኩኝ?»

«እማዬ፣ አሁን ይሄ ይባላል?»

«ጠየቅኩ እንጂ።»

ባለቤቴ ተነሣ። ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ፤ የመስታወት በሩን ከኋላው ዘጋው። ጀርባው ይታየናል፤ ቃሉ አይሰማም። ራሱን ሲያሽ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያደርገው ትከሻውን ዝቅ ሲያደርግ አየነው። ሲገባ «ሰውዬው ሌላ ውሻ ይፈልጋል» አለና ወደ መኝታ ቤት አለፈ። ጎህ ሳይቀድ ሺፍት ስላለው ብቻ አልነበረም፤ ስለደከመው ነው።

እማማ ጨርቁን አርጥበው ወለሉ ላይ በጉልበታቸው ሊወርዱ ሲሉ «እኔ ላድርገው» አልኳቸው፤ «ተይ» አሉኝ። አንድ በአንድ መዳፉን አንስተው በጣቶቹ መሃል ጠረጉለት። ሲጨርሱ ውሻው ተነሥቶ ተራገፈ፤ ከዚያ የኋላ እግሩን አንስቶ ጆሮውን ያክክ ጀመር። ሁለታችንም አዳመጥን። ጥቂት መትቶ ተወው፤ ተጠቅልሎ ተኛ።

«ይሄን ያህልማ» አሉ እማማ፣ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው እየተነሡ፣ «እኔም አክካለሁ።»